የሙከራ ዙር ምንድን ነው? ያልተቀረጸ ኮርስ ስለመሸጥ

ኦንላይን ኮርስ ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ማይክሮፎን ነው። ቀጥሎ መብራት። ከዚያ ቤት ዘግቶ ለወራት ይቀርጻል። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። 38 ቪዲዮ ቀርጬ ለሽያጭ ሳወጣ የገዛኝ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ወንድሜ ነው።

የሙከራ ዙር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ኮርሱ ይሸጣል፤ ከዚያ ይሰጣል፤ የሚቀረጸው መጨረሻ ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች ከፍለው ይመዘገባሉ። ትምህርቱን በየሳምንቱ በቀጥታ ያገኛሉ። ቪዲዮው የሚሠራው እነሱ የት እንደተደናቀፉ ከታየ በኋላ ነው። ማጭበርበር የለበትም፤ ተመዝጋቢው የመጀመሪያ ዙር መሆኑን፣ ዋጋው በዚህ ምክንያት ዝቅ ማለቱን እና ዙሩ ካልሞላ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ከመክፈሉ በፊት ይነገረዋል።

እንዴት እንደሚሠራ በአክስቴ ልጅ ላሳይ። የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ለባለ ሱቆች ኤክሴል ማስተማር አሰበችና የኮርሱን ዝርዝር ይዛ መጣች። 11 ሞጁል። የመጀመሪያው "ኤክሴል ምንድን ነው?" ይላል። ሁለተኛው ስለ ፊደል መጠንና ቀለም ነው። SUM የሚባለው ቀመር አምስተኛው ላይ ብቅ ይላል።

"ባለ ሱቁ ይኼን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል?" አልኳት።

"አንተ ደግሞ! መሠረቱን ሳያውቅ እንዴት ይሆናል?"

እኔም በጊዜዬ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ችግሩ ዝርዝሩ የተነሳው እሷ ከምታውቀው ነገር መሆኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትታ ሰባት ባለ ሱቆች አነጋገረች። "ኮርስ ብሠራ ትገዛለህ?" ብላ አይደለም። እንዲያ ከተጠየቀ ሰው ሁሉ ይሉኝታ ይዞት "አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው" ይላል። የጠየቀችው ያለፈ ነገር ነው፦ "ባለፈው ወር ምን ያህል እንዳተረፍክ እንዴት አወቅክ?" አምስቱ "አላወቅኩም" አሏት። አንዱ የዱቤ ደብተሩ ውሃ ገብቶበት ማን ስንት እንዳለበት እስካሁን እንደማያውቅ ነገራት።

የኮርሱ ተስፋ ከዚህ ወጣ። በአራት ሳምንት ውስጥ ተማሪው የሱቁን ሽያጭ፣ ዱቤና የቀረ ዕቃ በአንድ ፋይል ያያል። ሞጁሎቹ ከዚህ መጨረሻ ወደ ኋላ እየተቆጠሩ ተደረደሩ። ትርፉን ለማየት ዱቤው መለየት አለበት፤ ዱቤውን ለመለየት የቀረው ዕቃ መታወቅ አለበት፤ ለዚያ የወሩ ሽያጭ መደመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የቀን ሽያጭ መመዝገብ አለበት። 11 የነበረው አራት ሆነ። የፊደል ቀለም ወደቀ።

ሞጁል በቪዲዮ ብዛት አይለካም። የሚለካው ተማሪው ሲጨርስ አውጥቶ በሚያሳየው ነገር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ማለቂያ የሰባት ቀን ሽያጭ የተመዘገበበት የተማሪው የራሱ ፋይል ነው። የሚታይ ነገር የሌለው ሞጁል ወይ ከሌላ ጋር ይዋሃዳል፣ ወይ ይቀራል።

ዋጋው ላይ ረጅም ተከራከርን። እሷ 500 ብር አለች። "ሰው የለውም፣ አይከፍልም" ነው ምክንያቷ። እኔ መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር አልኩ። አራት የቀጥታ ትምህርት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ 6 ሰዓት። ለእያንዳንዱ ዝግጅት አምስት አምስት፣ 20 ሰዓት። 10 ተማሪ ቢኖር የእያንዳንዱን አራት የቤት ሥራ በ15 በ15 ደቂቃ ማየት ሌላ 10 ሰዓት ነው። ቴሌግራም ላይ ጥያቄ መመለስ ደግሞ 14 ሰዓት ብለን ያዝን። በድምሩ 50። በትርፍ ሰዓቷ ሒሳብ ስትሠራ በሰዓት 500 ብር ገደማ ታገኛለች። ስለዚህ ዙሩ ቢያንስ 25,000 ብር ካላስገባ በኪሳራ ነው የምታስተምረው። ለ10 ሰው ሲካፈል ነፍስ ወከፍ 2,500 ብር ይመጣል።

ይህ ወለሉ ነው። ጣሪያውን የሚወስነው ገዢው ነው። ደብተሩ የራሰበት ሰውዬ ያልተመለሰለት ዱቤ ከ2,500 ብር በብዙ ይበልጣል። ለእሱ ውድ አይደለም። ሱቅ ለሌለው፣ "ኤክሴል ብችል ጥሩ ነው" ለሚል ሰው ግን 500 ብሩም ይከብዳል። ዋጋ ሲቀነስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይኼኛው ነው። የቤት ሥራም አይሠራም፤ የሚመዘግበው ሽያጭ የለውማ።

ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት አራት ነገር ተወሰነ። ከ15 ሰው በላይ አይገባም። ከ10 ሰው በታች ከተመዘገበ ዙሩ ይሰረዛል፣ ብሩ በሦስት ቀን ይመለሳል። ምዝገባው ለስድስት ቀን ብቻ ነው። ሱቅ የሌለው ሰው እንዳይመዘገብ ማስታወቂያው ራሱ ይናገራል። የመጨረሻውን ስትጽፍ እጇ ተንቀጥቅጧል። ገዢ ማባረር መሰላት።

የቴሌግራም ቻናሏ 640 ተከታይ ነበረው። በስድስቱ ቀን 31 ሰው ጠየቃት፣ 14 ሰው ከፈለ። አመጣጣቸውም ልብ ይባል። አምስቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ስድስቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከፈሉ፤ በመሐል የገቡት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ "አለቀልኝ፣ ዋጋ ልቀንስ" ብላ ደወለችልኝ። የምዝገባ ጠባይ ነው፤ መሐሉ ብዙ ጊዜ ጭር ይላል። ያኔ ዋጋ ብትቀንስ ቀድመው የከፈሉትን አምስት ሰዎች ታስቀይም ነበር። ቀነ ገደቡን ማስታወስ ብቻ በቂ ነው።

"እመዘገባለሁ፣ ቦታ ያዢልኝ" ያሉት ዘጠኝ ነበሩ። ከነሱ የከፈሉት ሁለት ናቸው። የሙከራ ዙር የሚለካው በገባ ብር ነው፤ ላይክና "በርቺ" አይቆጠሩም። ስለ ክፍያ ካነሳን አይቀር፣ አብዛኛው በቴሌብር ነው የከፈለው። የክፍያ ስክሪንሾት ብቻ አይቶ ወደ ግሩፕ ማስገባት አያዋጣም፤ ምስሉ በቀላሉ ይቀናበራል። የግብይት ቁጥሩን ተቀብሎ ብሩ በራስ አካውንት መግባቱን ማየት ነው። ዱባይ ያለ አንድ ተመዝጋቢ ደግሞ እዚህ ባለው ወንድሙ በኩል ከፈለ። እንደ ስትራይፕ ያሉ የውጭ ካርድ ተቀባዮች ለኢትዮጵያ ነጋዴ አካውንት ስለማይከፍቱ ለመጀመሪያ ዙር ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም።

አሁን የሙከራ ዙር ከቪዲዮ የሚበልጥበት ቦታ ላይ ደረስን። በመጀመሪያው ሳምንት 13 ሰው የቤት ሥራ አስገባ። በሁለተኛው 6። ትምህርቱ ላይ ሁሉም ተገኝተዋል፣ ሁሉም "ገብቶናል" ብለዋል። ቁጥሩ ግን ወደቀ። መምህር ሊያየው የሚገባው ምልክት ይኼ ነው። ተማሪ ያልገባውን አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ለቀሩት አንድ በአንድ ደወለች። የሁለተኛው ሳምንት ሥራ የአንድን ዕቃ የወር ሽያጭ በዚህ ቀመር መደመር ነበር፦

```
=SUMIF(B2:B200,"ሳሙና",D2:D200)
```

ቀመሩን ሁሉም በትክክል ጽፈዋል። የሚወጣው ድምር ግን ከደብተራቸው አይገጥምም። ምክንያቱ የተገኘው አንዱ ፋይሉን ሲልክላት ነው። አንድ ቀን "ሳሙና"፣ ሌላ ቀን "ሣሙና" ብሎ መዝግቧል። ዘይቱ ደግሞ አንዴ "ዘይት 5 ሊትር"፣ አንዴ "ዘይት 5ሊ" ነው። ለኛ ያው አንድ ዕቃ ነው። ለኤክሴል ግን ፊደሉ ከተለየ ሌላ ዕቃ ነው፤ ሳይደምረው ያልፋል፣ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም። እሷ ራሷ ይህን አላሰበችውም። መሥሪያ ቤቷ የዕቃ ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጣል እንጂ በእጅ አይጻፍም።

የሞጁሎቹ ተራ በዚያ ሳምንት ተቀየረ። መጀመሪያ የዕቃ ስም ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ስሙም ዳታ ቫሊዴሽን በሚባለው የኤክሴል መሣሪያ ከዝርዝሩ እየተመረጠ ይገባል። መመዝገብና መደመር ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የቤት ሥራው ቁጥር ወደ 11 ተመለሰ። ሁለቱ ጭራሽ አልተመለሱም። አንዱ የሚጠቀመው በስልክ ብቻ ነበር፤ ሰንጠረዡ በዚያ ስክሪን ላይ አላላውስ አለው። ቀጣዩ ማስታወቂያ ላይ "ላፕቶፕ ያስፈልጋል" የሚል መስመር የገባው በእሱ ነው። ብሩንም መለሰችለት።

አስቡት፣ እነዚያን 11 ሞጁሎች ቀርጻ ቢሆን ኖሮ። የሳሙናውን ጉዳይ የሚነግራት አይኖርም። ገዢው ቀመሩ አልሠራ ሲለው ቪዲዮውን ይዘጋዋል፣ እሷ ደግሞ ችግሩ ማስታወቂያው ነው ብላ ሌላ ማስታወቂያ ትሠራለች። እኔ የሠራሁት ይህንን ነው።

የሙከራ ዙር የማይሆንበት ጊዜም አለ። ተከታይ ጭራሽ የሌለው ሰው ለስድስት ቀን ምዝገባ ቢከፍት የሚያገኘው ዝምታ ነው፤ ዝምታው ደግሞ ኮርሱ መጥፎ ይሁን ወይ ማንም አላየው አይለይም። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሻለው ሦስት አራት ሰው በግል እያስተማረ መጀመር ነው። በቀጥታ መናገር የማይሆንለትም አለ። እሱ በየሳምንቱ አጭር ቪዲዮ እየቀረጸ ቢልክ ያው ነው፤ ዋናው ቀጣዩን ከመቅረጹ በፊት የቤት ሥራውን ማየቱ ነው።

እሷ መቅረጽ የጀመረችው አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። የቀጥታውን ቅጂ አልሸጠችም፤ ግማሹ "ይሰማል? አይሰማም?" ነው። ከቴሌግራም ግሩፑ ጥያቄዎቹን ለቅማ ለእያንዳንዱ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን ትምህርት ሠራች። በድምሩ 22 ቪዲዮ ሆነ። የዳታ ጥቅል እንዳይበላ መጠኑን ዝቅ አድርጋ ጫነችው፤ የኤክሴሉን ሰንጠረዥ ግን አጉልታ ስለቀረጸች ቁጥሩ ይነበባል።

የተቀረጸውን ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በነጻ ሰጠች። ለሁለተኛው ዙር 3,500 ብር ጠየቀች። ማስታወቂያው ላይ ከኤክሴል ስም በፊት የተጻፈው ጥያቄ ግን የእሷ አይደለም። ደብተሩ የራሰበት ሰውዬ በመጨረሻው ትምህርት ላይ የተናገረው ነው፦ "ማን ስንት እንዳለበት አሁን ቢጠይቁህ ትመልሳለህ?"