የኦፒዮይድ ሱስ የማቆያ ሕክምና፦ የመጀመሪያዋ ክኒንና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በጎንደር

እንደ ትራማዶልና ሄሮይን ያሉ ኦፒዮይዶች ሱስ የማቆያ ሕክምና ሁለት ዋና መድኃኒቶች አሉት፦ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን። ሁለቱም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሥራቸው ሐራራውን ጸጥ አድርጎ ሰውየውን ወደ ኑሮው መመለስ ነው። እዚህ የምናተኩረው በቡፕረኖርፊን አጀማመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ቡፕረኖርፊን በአንጎል ውስጥ ያሉትን የኦፒዮይድ ተቀባዮች አጥብቆ ይይዛል፣ የሚያነቃቃቸው ግን በከፊል ነው። በሽተኛው ሌላ ኦፒዮይድ በደሙ እያለ ከወሰደው ያንን ገፍቶ ያስወጣዋል። ከዚያ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኃይለኛ ሐራራ ይቀሰቀሳል፦ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ። አንዴ ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ ወደ ክሊኒኩ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐራራው እስኪታይ ይጠበቃል።

ለምሳሌ ከአዘዞ ወደ መተማ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት እንውሰድ። 26 ዓመቱ ነው። በቀን 600 ሚሊግራም ትራማዶል ይውጣል። የመጨረሻውን ማታ 2 ሰዓት እንደወሰደ ይናገራል። ጠዋት 3 ሰዓት ሲመጣ 13 ሰዓት አልፎታል፤ ሰዓቱ ብቻ ቢታይ በቂ ይመስላል። ኮውስ በተባለው፣ 11 የሐራራ ምልክቶችን በሚመዝነው መለኪያ ሲለካ ግን ውጤቱ 5 ብቻ ነው። ያዛጋል፣ ትንሽ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን ግን አልሰፋም። ሐኪሙ ፓኬቱን አስወጥቶ ያያል፤ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ነው። ለዚህኛው 24 ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ምንም ሳይወስድ በማግስቱ ጠዋት ይመለሳል። አሁን ውጤቱ 13 ነው። የክንዱ ጸጉር ቆሟል፣ አፍንጫው ይፈሳል።

2 ሚሊግራም ከምላሱ ስር ይደረግለታል። ሟሙቶ እስኪያልቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። እስከዚያ መናገርም መጠጣትም የለም፤ ከተዋጠ አብዛኛው ይባክናል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውጤቱ ወደ 7 ሲወርድ ሌላ 2 ሚሊግራም ይጨመራል። በሁለተኛው ቀን መጠኑ 8 ሚሊግራም ይደርሳል፣ እሱም ይበቃዋል። ሄሮይን ለለመዱ ሰዎች 16 ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ትራማዶል በሴሮቶኒንም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሲቋረጥ የሚመጣው ጭንቀትና እንግዳ ስሜት በቡፕረኖርፊን ላይጠፋ ይችላል። መጠኑን እየጨመሩ ማሳደድ አይረዳም። የሚጥል በሽታ ታሪክ ካለም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሜታዶን ሐራራ እስኪመጣ ብዙ መጠበቅ አያስፈልገውም፣ አደጋው ግን በሌላ በኩል ነው። የመጀመሪያው መጠን ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሦስተኛና አራተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ያስፈራሉ። ስለዚህ በሦስት ወይም በአምስት ቀን አንዴ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ብቻ ይጨመራል። ቲቢ ይዞት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ከሆነ ሜታዶኑ ቶሎ ይሰበርበታል፤ ሐራራው ተመልሶ ሲመጣ «ዋሸኝ» ከማለት በፊት የቲቢ ካርዱን ማየት ይገባል።

ምክሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ እናትየው ብዙ ጊዜ አብራ ትመጣለች። «ልጄን ከሱስ ወደ ሱስ ልትወስዱት ነው?» ትላለች። «አይደለም እናቴ» ይላታል ሐኪሙ፣ «ትራማዶሉን በቀን አምስት ጊዜ እየፈለገ ነበር። ይህን በቀን አንዴ ወስዶ ሥራው ላይ ይውላል።» ጥያቄዋ እውነተኛ ነውና መልሱ ጊዜ ተሰጥቶት ይመለስ።

ከዚያ ስለ ጠበል በግልጽ መነጋገር ይገባል። ልጁ ክኒኑን ትቶ ለሦስት ሳምንት ጠበል ቢገባ ሰውነቱ ልምዱን ያጣል። ወጥቶ የድሮውን 600 ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ጠበሉን ተጠመቅ፣ ክኒኑም አይቅርብህ» ይበለው። በጾም ቀን ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ የቀረውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር። ከአምስት ቀን በላይ ካቋረጠም በራሱ እንዳይጀምር፣ ተመልሶ እንዲታይ ይነገረው። ከአልኮልና ከእንቅልፍ ክኒን ጋር መቀላቀል እንደሚገድል ቤተሰቡም ይስማ። የኦፒዮይድ መመረዝን የሚቀለብሰው ናሎክሶን ካለ ይሰጣቸው፣ አጠቃቀሙም ይታይላቸው።

ሐኪሙ አንድ ነገር አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፦ የወራት አቅርቦት። ልጁን በክኒኑ ካረጋጉት በኋላ መጋዘኑ ባዶ ቢሆን የሚመለሰው ወደ ትራማዶሉ ነው። ማቋረጡም ቢሆን ከብዙ ወራት መረጋጋት በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ በእሱ ፈቃድ ይሁን።