ተጠርጣሪን በዓይን ምስክር መለየት በወሎ

ተጠርጣሪን በዓይን ምስክር መለየት ማለት ወንጀል ሲፈጸም ያየ ሰው በኋላ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ፊት «ያደረገው ይህ ነው» ብሎ አንድን ሰው ማሳየቱ ነው። በወሎ ገጠር ምስክሩ ተጠርጣሪውን ብዙ ጊዜ በስሙ፣ በአባቱ ስምና በቀዬው ያውቀዋል። የማይተዋወቁ ሰዎች ጉዳይ የሚነሳው በአብዛኛው በመንገድና በገበያ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ መናኸሪያዎች፣ የሐይቅ መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት የባቲ ሰኞ ገበያ ሰው የማያውቀውን ሰው የሚያይባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በእነዚህኛዎቹ ላይ ነው።

ዘመናዊ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ጥፋተኛን የመለየት ሥራ የሕዝቡ ነበር። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይቆያል። በሌባሻ ደግሞ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባሻ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመንግሥት ተከልክሏል። ከሁለቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የተከበረው የወሎ ቅርስ የአበጋሮች ሽምግልና ነው። አበጋር ደም ያደርቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል፣ በፊቱ የሚማልም ሰው እውነቱን መናገር እንዳለበት ያውቃል።

ይሁን እንጂ መሐላም ሆነ የሽማግሌ ግርማ የሚከላከሉት ውሸትን ነው። በፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። ምስክር ከተከሳሹ ጋር ጠብ ወይም ቂም እንዳለው ይጠየቃል፣ ከሌለው ቃሉ ይታመናል። በመለየት ላይ የሚደርሰው ስህተት ግን የሚመጣው ቂም ከሌለው፣ ፈጣሪን ከሚፈራና የተናገረውን ከልቡ ከሚያምን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ምስክር መሐላውን በንጹሕ ልብ ያልፋል፣ በመስቀለኛ ጥያቄም አይናወጥም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሰኞ ማታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የባቲ ገበያ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ የከብት ነጋዴን በመንገድ ላይ አንድ ቀማኛ በጩቤ አስፈራርቶ ገንዘቡን ቀማው እንበል። ነጋዴው ቀማኛውን ያየው በቅርብ ቢሆንም ዓይኑ ያረፈው በጩቤው ላይ ነው። ሁለት ሌሎች ሰዎች ሲሮጥ ያዩት ከ30 ሜትር ርቀት፣ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ሦስቱም ለፖሊስ «ረዥም፣ ጠይም፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ» ይላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ረዥም ወጣት ይይዝና ጋቢ ከደረቡ አምስት ሰዎች ጋር አሰልፎ ለሦስቱ ያሳያል። ሦስቱም እሱን ያወጣሉ።

መዝገቡ ላይ «ሦስት ምስክሮች ለይተው አውጥተዋል» ተብሎ ይጻፋል። እነሱ ግን የለዩት ጃኬቱን ነው። ሰልፉ ያዳላ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ቀማኛውን ፈጽሞ ላላዩ 30 ሰዎች «ረዥም፣ ጠይም፣ አረንጓዴ ጃኬት» የሚለው ቃል ብቻ ይነበብላቸውና ከሰልፉ ፎቶ አንዱን እንዲመርጡ ይደረጋል። ሰልፉ እኩል ከሆነ ከስድስቱ ለእያንዳንዳቸው አምስት ያህል መራጭ ይደርሳል። 25ቱ ተጠርጣሪውን ካወጡት፣ ምንም ያላየ ሰውም እሱን ያወጣው ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ የሦስቱ ምርጫ ብዙም የሚያስረዳው ነገር የለም።

ጃኬቱን ማስወለቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሌሊት ታስሮ ያደረ ሰው ጢሙ አድጓል፣ ጫማው ክር የለውም፣ ዓይኑ ደክሟል። ከመንገድ ተጠርተው የተሰለፉት ግን አይመስሉትም። ሌላው ችግር ምስክሩ ሰልፍ ሲጠራ ቀማኛው በመካከላቸው አለ ብሎ ማሰቡ ነው። ስለዚህ በአእምሮው ካለው መልክ ጋር ከማስተያየት ይልቅ ሰዎቹን እርስ በርስ ያስተያይና ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል። ለዚህ መፍትሔው «ያየኸው ሰው እዚህ ላይኖር ይችላል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው። ሰልፉን የሚያሳየው ፖሊስም ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፣ ካወቀ ሳያስበው ዓይኑ ሊጠቁም ይችላልና። ምስክሮቹ ለየብቻ ይግቡ፣ «ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?» ተብለውም መልሳቸው ወዲያው በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ። «ይመስለኛል» ብሎ የመረጠ ሰው መርማሪው «ጎበዝ፣ ትክክል ነህ» ካለው፣ ከስድስት ወር በኋላ ችሎት ፊት «ምንም አልጠራጠርም» ይላል። ዋሽቶ አይደለም፣ ትዝታው ራሱ ተለውጦ ነው።

የሰው ፊት የማስታወስ ጥናቶች ሰው ከራሱ ወገን ውጪ ያለን ሰው ሲለይ ይበልጥ እንደሚሳሳት ያሳያሉ። ጥናቶቹ በብዛት የተደረጉት በነጮችና በጥቁሮች መካከል ስለሆነ ለባቲ በቀጥታ መውሰድ አይቻል ይሆናል። በገበያው ግን የጸጉር አሠራርና አለባበስ ከፊት ቀድመው እንደሚታዩ ግልጽ ነው።

በደንብ የተመዘገበው ጥንታዊ ምሳሌ የእንግሊዙ የአዶልፍ ቤክ ጉዳይ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ «ጌጤን ያታለልከኝ አንተ ነህ» አለችው። ፖሊስ ከመንገድ በዘፈቀደ ከተሰበሰቡ ሰዎች ጋር አሰለፈው፣ ከመካከላቸው ሽበትና ሪዝ ያለው እሱ ብቻ ነበር። በርካታ ሴቶች አወጡት፣ በ1896 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ቀደም ሲል «ጆን ስሚዝ» በሚል ስም የተቀጣ አታላይ ነው ተብሎም ተመሰከረበት፤ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ሳይቀር በእርግጠኝነት ለየው። በኋላ የስሚዝ የእስር መዝገብ ሲመረመር ስሚዝ የተገረዘ፣ ቤክ ግን ያልተገረዘ መሆኑ ታወቀ። ይህ ከታወቀ በኋላም ቤክ ወዲያው አልተለቀቀም። በ1901 በአመክሮ ከተፈታ በኋላ በ1904 እንደገና በሌሎች ሴቶች ተለይቶ ጥፋተኛ ተባለ። ቤክ ታስሮ ሳለ ተመሳሳይ ማታለል ተፈጽሞ እውነተኛው ሰው ስለተያዘ ብቻ ነጻ ወጣ። ይህ በደል በ1907 እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንድታቋቁም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በቤክ ላይ የመሰከሩት ሴቶች ውሸታሞች አልነበሩም።

እንግሊዝ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ተጨማሪ ጥንቃቄ አበጀች። ተርንቡል በተባለው መዝገብ፣ ክሱ በመለየት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ዳኛው ጥፋተኝነትን የሚወስኑትን ተራ ዜጎች የተሳሳተ ምስክርም አሳማኝ ሊሆን እንደሚችል እንዲያስጠነቅቅ፣ ምስክሩ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ርቀትና በምን ብርሃን እንዳየ እንዲመረመር ተወሰነ። ማስረጃው ደካማ ከሆነና የሚደግፈው ከሌለ ክሱ ይቋረጣል። ያው ውሳኔ በሚያውቁት ሰው ላይም ስህተት እንደሚደርስ ያስታውሳል፣ ይህም ለወሎ ገጠር ይሠራል፦ በጨለማ ተከናንቦ ያለፈን ሰው በአካሄዱ «እከሌ ነው» ማለት የተለመደ ነው።

በኢትዮጵያ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሰልፉ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር አይደነግግም። ማስረጃውን የሚመዝነው ዳኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመትና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ክርክሩ ያለው በመስቀለኛ ጥያቄ ውስጥ ነው፣ ጥሩ የደሴ ወይም የወልዲያ ጠበቃም ምስክሩን «ቂም አለህ?» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ይዞ፣ ተጠርጣሪው ከመያዙ በፊት ምን ዓይነት መልክ እንደገለጸ ይጠይቃል፤ ከዚያም ከሰልፉ በፊት በካቴና ታስሮ፣ በጣቢያው በር ወይም በቴሌግራም ፎቶ አይቶት እንደሆነ። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሳለ «ይህ ነው» መባሉ ብቻውን ደካማ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ የቆመ ሌላ ሰው የለምና።