አረንጓዴው ነበልባል፦ ስለ አሮጌ ስልክ፣ ኮምፒውተርና ኬብል ማቃጠል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሚቃጠለው ላስቲኩ ብቻ ነው። ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል፣ መዳቡ ይቀራል።»

ላስቲክ እያልን እንጠራዋለን እንጂ የአብዛኛው ኬብል ልባስ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ንጹሕ ፒቪሲ ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። በድሮ ኬብሎች ላይ ሙቀት እንዲችል የእርሳስ ውህድም ይጨመርበት ነበር። እሳት ሲነካው መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይባላል። ከእንባና ከምራቅ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚለበልበውም ለዚህ ነው።

የከፋው ግን የማይለበልበው ነው። ጭሱ እየቀዘቀዘ ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲያልፍ፣ ክሎሪኑና በደንብ ያልነደደው ካርቦን ተጣምረው ዳዮክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ ይፈጥራሉ። ይህን ጥምረት የሚያፋጥነው ደግሞ ራሱ መዳቡ ነው። ስለዚህ ኬብል ማቃጠል ፌስታል ከማቃጠል ጋር አይወዳደርም፤ መርዙ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃና ማፋጠኛው እዚያው አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚነዱት። እሳቱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የነበልባሉ ጠርዝ አረንጓዴ ሲሆን አስተውሎ ይሆናል። ያ ቀለም መዳብና ክሎሪን መገናኘታቸውን ይናገራል። የሚያምር መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

«እኔ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የማቃጥለው።»

ሻሽም ሆነ ተራ ማስክ ጋዝ አያግድም። ቢያግድም እንኳ ዳዮክሲን ወደ ሰው በብዛት የሚገባው በትንፋሽ ሳይሆን በምግብ ነው። ከጥላሸቱና ከአመዱ ጋር አፈር ላይ ያርፋል፣ ዶሮ ጭራ ትለቅመዋለች፣ ስብ ስለሚወድ እንቁላል ውስጥ ይጠራቀማል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ አግቦግብሎሺ በሚባለው ኬብል ሲቃጠልበት በኖረ ሰፈር የዋለች ዶሮ እንቁላል ተመርምሮ በ2019 ውጤቱ ይፋ ሆኗል። ከዚያ አንዱን የበላ አዋቂ፣ አውሮፓውያን ለቀን ከሚፈቅዱት መጠን ከ200 እጥፍ በላይ ዳዮክሲን ይወስዳል። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈልጋል። እሳቱን የለኮሰው ሰው ነፋስ መርጦ ቆሟል፤ እንቁላሉን የሚበላው ልጅ ግን ምንም አልመረጠም።

«መላጥ ቀን ይፈጃል፣ እሳት በአስር ደቂቃ ይጨርሳል።»

በወፍራም ሽቦ እንየው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት ሽቦ 10 ኪሎ ቢሆን፣ ወደ 7 ኪሎው መዳብ፣ ወደ 3 ኪሎው ልባስ ነው። ጣውላ ላይ ስለት በዝቅተኛ ማዕዘን አጥብቆ አስሮ፣ ሽቦውን ከሥሩ መሳብ ብቻ ነው፤ ልባሱ ይሰነጠቅና በእጅ ይገፈፋል። የሚወጣው መዳብ ቀይና የሚያብለጨልጭ ነው። ከእሳት የወጣው ግን ጠቁሮ፣ ቅርፊት አውጥቶ፣ ቀጫጭኑ ጣት ሲነካው እየተሰበረ ይመጣል። ገዢም ያውቀዋል፤ ከተላጠው ዝቅ ባለ ዋጋ ነው የሚገዛው። የተሰባበረውም አመድ ውስጥ ይቀራል።

እንደ ፀጉር የቀጠነውን የቻርጀርና የማውዝ ገመድ በስለት መላጥ ግን የማይሆን ነገር ነው፤ መዋሸት አልፈልግም። እሱን ከነልባሱ መሸጥ ይሻላል። ትልልቅ ፋብሪካዎች አድቅቀው በክብደት ልዩነት መዳቡን ከፕላስቲኩ ይለያሉ፣ እሳት ሳይነኩ።

«ገንዘቡ ያለው ስልኩ ውስጥ ባለው ወርቅ ላይ ነው።»

በአንድ ሚሊዮን ስልክ ውስጥ ወደ 34 ኪሎ ወርቅ፣ 350 ኪሎ ብርና 16 ቶን ያህል መዳብ እንዳለ ይገመታል። ለአንድ ስልክ ሲካፈል ወርቁ 34 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት 30 ስልክ ያስፈልጋል። ያውም አንዲት ፍንጣሪ ሳትጠፋ፣ ይህም ጓሮ ውስጥ በባልዲ አሲድ አይሆንም። ሲሟሟ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ተንኮለኛ ነው፤ ሰውየው አስሎ ወደ ቤቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊሞላ ይችላል። ወርቁ ያለበትን የስልኩን ቦርድ ሳይነኩ፣ እንዳለ ለሚያቀልጥ ፋብሪካ ለሚያቀርብ ገዢ መስጠት ነው የሚያዋጣው። ቆራሌው በኪሎ ሲጠይቅ ቦርዱን ከተራው ቆርቆሮ ጋር አትደባልቁበት።

«እንግዲያው አልጋ ሥር ያለው አሮጌ ኮምፒውተሬ እየመረዘኝ ነው።»

አይደለም። የድሮው ሆዳም ስክሪን ከኪሎ በላይ እርሳስ ሊኖረው ቢችልም መስታወቱ ውስጥ ታስሮ ነው፤ የቆዩት ጠፍጣፋ ስክሪኖች ሜርኩሪም በመብራታቸው ቱቦ ውስጥ ነው። ስክሪኖቹ ካልተሰበሩ ወይም ካልተቃጠሉ አይወጡም። አንድ ነገር ብቻ ዛሬውኑ ይታይ፦ የስልኩ ጀርባ ወይም የላፕቶፑ ኪቦርድ ወደ ላይ ካበጠ ባትሪው ነው። ቻርጅ አያድርጉት፣ አይብሱት፣ አይጫኑት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ሴራሚክ ወለል ላይ ያኑሩትና ለጥገና ባለሙያ ያሳዩ።