ተመልሶ የመጣ ዕቃ ወዴት ይሂድ? የኦንላይን ተመላሾች ዳሰሳ

ኦንላይን የተሸጠ ዕቃ ገዢው ጋ ከደረሰ በኋላ ሲመለስ፣ ከገዢው ደጅ ተነሥቶ የመጨረሻ ማረፊያው እስኪደርስ ያለው ሥራ ሁሉ ሪቨርስ ሎጂስቲክስ ወይም ተመላሽ ሎጂስቲክስ ይባላል። ዕቃ መላክ ይሄን ያህል አያስቸግርም። ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ባርኮዱም አንድ ዓይነት ነው፣ መቶውን ፓሌት በሚባለው አንድ የእንጨት መደላድል ላይ ጭነህ ትልካለህ። ሲመለስ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚመጣው። አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም፣ ሌላው የውሻ ፀጉር ይዞ ይመጣል፣ የሌላውን ካርቶን ስትከፍተው ደግሞ ያልሸጥከው ዕቃ ታገኝበታለህ።

መጠኑም የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር ለ2024 ባወጣው ግምት የተመለሰው ዕቃ ዋጋ ወደ 890 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ይህ ከሽያጩ 17 በመቶ ገደማ ነው፣ ሱቅ ድረስ ተወስዶ የተመለሰውንም ይጨምራል። በልብስ ደግሞ ይብሳል። የጀርመኑ ዛላንዶ ከሚልከው ግማሽ ያህሉ ይመለስለታል፣ ምክንያቱም ሰው ሁለት ሦስት ቁጥር ያዝዝና ልኩ የሆነውን አስቀርቶ ሌላውን ይመልሳል።

እዚህ ግን በአንድ ዕቃ ላይ እናተኩር፦ በአሜሪካ በኦንላይን የሚሸጥ ገመድ አልባ ቫኪዩም ክሊነር፣ ዋጋው 90 ዶላር። ይሄን የመረጥኩት የተመላሽ ራስ ምታት ሁሉ ስላለበት ነው። ይቆሽሻል፣ ባትሪ አለው፣ መለዋወጫ ይጎድለዋል፣ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥርም ዋጋው ይወርዳል።

መጀመሪያ፣ ምን እንደመጣ ማወቅ

ገዢው "መመለስ እፈልጋለሁ" ሲል ሻጩ የመመለሻ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ምክንያቱንም ያስመርጠዋል። ምክንያቱን ግን እንዳለ አትመነው። ብዙ ሻጮች ዕቃው ብልሽት ካለበት የመመለሻ ማጓጓዣውን ራሳቸው ይከፍላሉ፣ ገዢው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ከሆነ ግን እሱን ያስከፍሉታል። ስለዚህ "አይሠራም" የሚለውን የሚመርጥ ሰው ይበዛል። መጋዘን ውስጥ ተሰክቶ ሲሞከር እንደ ጉድ የሚሠራው ዕቃ ቁጥር ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ገዢም ዋሽቶ ሳይሆን ባትሪውን በትክክል ሳያስገባው ቀርቶ ነው።

ዕቃው መጋዘን ሲደርስ መጀመሪያ ይመዘናል። አራት ኪሎ ሆኖ የሄደ ዕቃ አንድ ኪሎ ሆኖ ከመጣ ሳይከፈት ፎቶ ይነሣል። ቀጥሎ የሲሪያል ቁጥሩ ከተላከው ጋር ይነጻጸራል። አዲስ ገዝቶ አሮጌውን የሚመልስ ሰው አለ፣ ቁጥሩን የማያይ ሻጭ ደግሞ ለዚያ ሰው የአዲስ ዕቃ ገንዘብ ይመልስለታል። ይህን ለማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ዕቃው ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይሞከራል፣ ደረጃም ይሰጠዋል። ደረጃው በየድርጅቱ ይለያያል፣ ዞሮ ዞሮ ግን አራት ጥያቄ ነው። ማሸጊያው አልተነካም ወይ? ከተከፈተ ጥቅም ላይ ውሏል ወይ? ይሠራል ወይ? የሚጎድለው ነገር አለ ወይ? ደረጃ ሰጪው ሠራተኛ "ደህና ይመስላል" ብሎ እንዲጽፍ ከተፈቀደለት ሥርዓቱ ፈረሰ ማለት ነው። አንዱ ሠራተኛ "ደህና" ያለውን ሌላው "ያገለገለ" ይለዋልና። የሚሻለው የሚታይ ነገር ማስጻፍ ነው፦ ማጣሪያው ላይ አቧራ አለ ወይም የለም፣ ባትሪው ይህን ያህል ደቂቃ ሠራ።

ሒሳቡ

አሁን ቫኪዩሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ለማምረቻ 50 ዶላር ወጥቶበታል፣ ለመመለሻ ደግሞ 9 ዶላር ከፍለናል፣ ስለዚህ በርካሽ አንለቀውም" ይላሉ። ያ ገንዘብ ግን ሄዷል። የትኛውንም መንገድ ብትመርጥ አይመለስም። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ በእያንዳንዱ መንገድ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል?

እንግዲህ በምሳሌ እንየው፣ ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው። ማሸጊያው ካልተነካ እንደ አዲስ በ90 ይሸጣል። ዕቃው የሚሸጥበት የኦንላይን ገበያ ኮሚሽን 15 በመቶ ነው እንበል፣ ይህ 13 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። መላኪያው 9 ዶላር። እጅ ላይ 67 ዶላር ከ50 ይቀራል። እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ቶሎ መደርደሪያው ላይ ይመለስ።

የእኛው ግን ተከፍቷል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ምንጣፍ ተጠርጎበታል። አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው፣ በአሜሪካ ሕግም ያስጠይቃል። ማደስ ይቻላል። የጽዳቱና የሙከራው ሥራ 8 ዶላር፣ አዲስ ማጣሪያ 5፣ አዲስ ካርቶን 3፣ በድምሩ 16 ዶላር። የታደሰው በ65 ይሸጣል። ኮሚሽኑ 9 ዶላር ከ75፣ መላኪያው 9። 30 ዶላር ገደማ ይቀራል።

ሁሉም ግን አይድንም። ከአምስት አንዱ ከተጸዳና ከተሞከረ በኋላ ሞተሩ ወይም ባትሪው ችግር እንዳለበት ይታወቃል እንበል። በዚያኛው ላይ የ8 ዶላሩ ሥራ ባክኗል፣ ራሱም እንደ ብልሹ ዕቃ 5 ዶላር ብቻ ያወጣል፤ 3 ዶላር ከሰርን። አራቱ 30፣ 30 አስገብተው አንዱ 3 ሲወስድ፣ ለአምስት ሲካፈል ከማደስ በእውነት የሚገኘው 23 ዶላር ገደማ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሳይነኩ በፓሌት ለጅምላ ገዢ መልቀቅ ነው። ከዚያ 10 ዶላር ይገኛል ብለን እንያዝ። 23 ከ10 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይታደስ።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ቫኪዩሙ ጥግ ላይ ሁለት ወር ቢቀመጥስ? በዚህ መሀል አዲስ ሞዴል ይወጣል፣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፣ የታደሰው ደግሞ ከ45 ዶላር በላይ የሚሰጥ ሰው ያጣል። የማደሻው ወጪ ያው 16 ነው፣ መላኪያውም ያው 9 ነው። ሒሳቡን ብትደግመው በአማካይ 10 ዶላር ታገኛለህ፣ ልክ እንደ ፓሌቱ። ሁለት ወር ጠብቀህ፣ ሠራተኛ ከፍለህ፣ ሳትነካው ከምታገኘው አንድ ሳንቲም አልጨመርክም። የገና ማግስት ተመላሽ እስከ መጋቢት ተከምሮ የቆየበት ሻጭ የሚያስለቅሰው ይሄ ነው፣ ብልሽቱ አይደለም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው መጋዘኖች አንድ ዕቃ በደረሰ በስንተኛው ቀን ደረጃ እንደተሰጠው የሚቆጥሩት። ቀኑ እየረዘመ ከሄደ ከማደስ መስመር ላይ አንዳንድ ዕቃ አውጥተው በቀጥታ ይለቁታል።

በልብስ ይህ ይፈጥናል። በአሜሪካ የብርድ ወራት ጃኬት በጥር መጨረሻ ቢመለስ የሚፈልገው የለም። ስልክና ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣለት አይፎን ምንም ቢያምር ለመለዋወጫ ካልሆነ አይሸጥም፣ ይሄን የአዲስ አበባ ስልክ ሻጭ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት አካውንቱ መውጣቱ ይጣራል፣ ከዚያም ውስጡ ያለው መረጃ ይጠፋል።

ጭራሽ ሳይመለስ የሚቀርም አለ። የ12 ዶላር የስልክ ሽፋን ለማስመለስ 7 ዶላር፣ ለማየት ደግሞ 3 ዶላር ከወጣ ምን ቀረ? ሻጩ ገንዘቡን መልሶ "ዕቃውን አንተው ያዘው" ይላል። ይህን ግን ለሁሉም ሰው አያደርገውም፣ ደንብ አድርጎም አይለጥፈውም። ሰው ካወቀው ነጻ ዕቃ ማግኛ ይሆናላ። ብዙውን ጊዜ የገዢው የቀድሞ ታሪክ ታይቶ ነው የሚወሰነው።

ፓሌት የሚገዛው ማን ነው?

በጅምላ የሚለቀቀው ዕቃ እንደ ቢ-ስቶክ ባሉ የጨረታ ገጾች ይሸጣል። ገዢዎቹ ትንንሽ ሱቆች፣ የገበያ ቀን ነጋዴዎችና ጠጋኞች ናቸው። አሜሪካ ሆነህ ፓሌት ለመግዛት ካሰብክ አንድ ነገር ልብ በል። ዝርዝሩ ላይ "የችርቻሮ ዋጋ 4,000 ዶላር" ተብሎ የተጻፈው ዕቃው አዲስ እያለ የነበረው ዋጋ ነው፣ አንተ ከምትሸጥበት ጋር አይገናኝም። ቁም ነገሩ ደረጃው ነው። "የደንበኛ ተመላሽ፣ ያልተፈተሸ" የሚል ከሆነ ከላይ የቆጠርነውን ሥራ ሁሉ፣ የማይድነውን አምስተኛውንም ጨምሮ፣ አንተ ነህ የምትሸከመው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በቴሌግራም የታዘዘ ዕቃ በሞተረኛ ይመጣል፣ ገዢው እዚያው በሩ ላይ ከፍቶ ያየዋል፣ ካልወደደው አይከፍልም። ፍተሻው መጋዘን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ደጃፍ ላይ ሆነ ማለት ነው። ዕቃው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን፣ ሳይነካ ይመለሳል፣ የማደስ ጣጣም የለውም። ጭቅጭቁ በሞተረኛው ሒሳብ ላይ ነው፣ የደርሶ መልሱን ማን ይክፈል የሚለው። ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ግን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍ ይጠብቅሃል።

የሚጣለው

አንዳንዱ ዕቃ በምንም ሒሳብ አይሸጥም። የተከፈተ ክሬም፣ የተለበሰ የውስጥ ልብስ፣ ውሃ የገባበት ፍራሽ። ይሄ ቀላል ውሳኔ ነው። አደገኛው ባትሪ ነው። የቫኪዩሙ ሊቲየም ባትሪ ካበጠ፣ ከተሰረጎደ ወይም ሳይሠራ ከሞቀ መሞከሩን ማቆም ነው። ከሌላው ዕቃ ተለይቶ እሳት በማይይዘው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአውሮፕላን አይጫንም፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይጣልም። የቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሣል። ለባትሪ ሰብሳቢ መክፈል አለብህ፣ ስለዚህ "መጣል" ነጻ አይደለም፤ በሒሳቡ ላይ ከዜሮ በታች ነው የሚጻፈው።

ደህናውን ዕቃ ማጥፋት ደግሞ በአውሮፓ እየተከለከለ ነው። ለአንዳንድ ሻጭ የተመለሰ ልብስ አጽድቶ ከማጠፍ ማቃጠሉ ይረክስ ነበር። ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ ከ2022 ጀምሮ ያልተሸጡ ምግብ ያልሆኑ ዕቃዎችን ማጥፋት መከልከል ጀመረች። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ደንብ ደግሞ ትልልቅ ድርጅቶች ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያጠፉ ከሐምሌ 19 ቀን 2026 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ይከለክላል፣ መካከለኛዎቹ እስከ 2030 ጊዜ አላቸው። እዚህ ላይ "ያልተሸጠ" የሚለው በ14 ቀን ውስጥ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ የመለሰውንም ይጨምራል። ለጤና ወይም ለደኅንነት አስጊ የሆነ ዕቃ ከክልከላው ነጻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ደረጃ ሰጪው ሠራተኛ በቅጹ ላይ የሚጽፈው ምክንያት እዚያ ለሕጉም ማስረጃ ነው።