የዘመነ መሳፍንትን መንስኤዎች ወደ ጊዜ መስመር ማሳጠር

ዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ሲነግሡ መሳፍንቱ ለሥልጣን የተዋጉበት፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. የዘለቀ ዘመን ነው። የመንስኤውን ምዕራፍ በአንድ ገጽ ለማሳጠር ዓመታቱን መደርደር ቀላል ነው፤ ከባዱ የትኛው ክስተት የትኛውን እንዳስከተለ በቀስት ማሳየት ነው። በተለይ ለጎንደር ተማሪ አዘዞና ቁስቋም በየቀኑ የሚያያቸው ቦታዎች ስለሆኑ፣ መስመሩ ላይ የቦታ ስም አብሮ ቢጻፍ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ አንድ ይደረጋል። ምንጮች ሁለቱንም አቆጣጠር ስለሚያደባልቁ ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ለሆነ ክስተት ከአውሮፓውያኑ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ይቀነሳል። አፄ በካፋ የሞቱት በአውሮፓውያን መስከረም 1730 ነውና 1723 ዓ.ም. ይሆናል። በልማድ 8 የቀነሰ ሰው 1722 ላይ ያስቀምጠዋል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር መጻፍ ይሻላል፤ ለምሳሌ 1722/23።

ቀጥሎ ምርጫ ነው። በአግድም በተያዘ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ከስምንት ነጥብ በላይ ከተጻፈ ቀስቶቹ ይጠላለፋሉ። እያንዳንዱን ክስተት «ይህ ባይሆን ቀጣዩ ይለወጥ ነበር?» ብሎ መፈተን ነው። የበካፋ ግንባታዎች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ሞታቸው ግን ይቀራል፤ ወራሹ ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ማስተዳደር ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሰንሰለት ይመጣል። ምንትዋብ ከቋራ የመጡ ዘመዶቻቸውን በሹመት አጠናከሩ። ዳግማዊ ኢያሱ ደግሞ የኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆኑትን ውቢትን አገቡ። ልጃቸው ኢዮአስ በ1747 በልጅነት ሲነግሡ የውቢት ዘመዶችም ወደ ጎንደር ገቡና በቤተ መንግሥቱ ሁለት ወገን ተፈጠረ። ሚዛኑን ይጠብቁ የነበሩት የምንትዋብ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ሞቱ። ከዚያ ኢዮአስ የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያን ሽረው በቦታው አጎታቸውን ሾሙ፤ ማርያም ባርያ እምቢ ብሎ ሲዋጋ አጎትየው ሞተ። ንጉሡም የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን ለእርዳታ ጠሩ። ሚካኤል ከድሉ በኋላ አገራቸው እንዲመለሱ ቢታዘዙም እምቢ አሉ፤ በ1761 አዘዞ ላይ ለንጉሡ የቆመውን የዳሞቱን ፋሲልን ድል አደረጉ፤ ኢዮአስም በዚያው ዓመት ተገደሉ።

እያንዳንዱ ቀስት ላይ ከሦስት እስከ አምስት ቃል ያለው ማያያዣ ይጻፋል፤ «አስታራቂ በመጥፋቱ»፣ «ሹመት በመነጠቁ»። ማያያዣ ያልተገኘለት ቀስት ከጊዜ ቅደም ተከተል በቀር የሚያሳየው ነገር ስለሌለ ይሰረዛል። በጣም የሚደጋገመው ድክመት «የዘር ጠብ» ብሎ ማለፍ ነው፤ ይህ ሐረግ ማን ምን ሹመት አጥቶ ማንን እንደተቃወመ አይነግርም። የጎራው አሰላለፍም ዘርን ብቻ የተከተለ አልነበረም፤ የትግሬውን መኮንን የጠሩት የኦሮሞዋ ልጅ ኢዮአስ ናቸው።

ሁለት ነገሮች በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አይገቡም። አንደኛው የጠመንጃ ጉዳይ ነው። ከምጽዋ የሚመጣውን መንገድ ሚካኤል ስለያዙ የጦር መሣሪያ ብልጫ ነበራቸው፤ ይህ ግን የአንድ ቀን ክስተት ስላልሆነ ከመስመሩ በታች ረዘም ያለ ጥላ ሆኖ ተስሎ በተቆራረጠ ቀስት ከ1761 ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው የታላቁ ኢያሱ በ1699 በልጃቸው ወገን መገደል ነው። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው እስከ ኢዮአስ ሞት ቀጥተኛ ቀስት ይስባሉ። መካከል ላይ ግን በካፋ የዙፋኑን ኃይል መልሰው ነበርና ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ ንጉሥ መግደል እንደሚቻል ያሳየ ቀዳሚ ክስተት ተብሎ በተቆራረጠ መስመር ብቻ ይመላከታል።

መስመሩ የት ይቁም የሚለውም ውሳኔ ይጠይቃል። ካሳ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ደረስጌ ላይ እስከነገሡበት ድረስ መጎተት ምዕራፉን ወደ ጦርነት ዝርዝር ይለውጠዋል። 1763 ላይ፣ ሚካኤል በሰርባኩሳ በፋሲል፣ በአማራው ጎሹና በበጌምድሩ ወንድ በወሰን በተሸነፉበት ውጊያ፣ ማቆም የተሻለ ነው፤ ጦርነቱ ለምን እንደረዘመ የሚታየው እዚያ ነውና። አሸናፊዎቹ አንዱ ሌላውን የሚያስገብር አልነበረም፤ ጎንደር የሚገባው ሁሉ ንጉሥ እየሾመ ቀጣዩ ጠላት እስኪመጣ ይቆያል። ይህን በገጹ ቀኝ ጫፍ ወደ ራሱ በሚመለስ ክብ ቀስት ማሳየት ይቻላል፤ ከክቡ ውጭ በትንሽ ምልክት «ደረስጌ፣ የካቲት 1847» ይጻፋል።