የምንዛሪ ልዩነት ምንድን ነው?

ውጭ አገር ያለው ወንድምህ «200 ዶላር ልኬልሃለሁ፣ የመላኪያ ክፍያ የለውም» ይልሃል። ስትቀበል ግን በዕለቱ ተመን ካሰላኸው ያነሰ ይደርስሃል። ወንድምህ አልዋሸህም። ገንዘቡ የቀረው ምንዛሪው ላይ ነው።

ዶላር የሚገዛበትም የሚሸጥበትም ዋጋ አለው። የሁለቱ መሃል አማካይ ተመን ይባላል፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልህ እሱ ነው። አስተላላፊው ድርጅት ግን ከዚያ ዝቅ አድርጎ በራሱ ተመን ይመነዝርልሃል። በመሃል የቀረችው ገንዘብ የእሱ ገቢ ናት፤ የምንዛሪ ልዩነት የምትባለውም እሷ ናት። ደረሰኝ ላይ «ክፍያ» ተብላ ስለማትጻፍ ብዙ ሰው አያያትም።

ለስሌት እንዲቀል አማካይ ተመኑ ለአንድ ዶላር 100 ብር ነው እንበል። 200 ዶላር ምንም ሳይነካ ቢመነዘር 20,000 ይሆናል። አንደኛው ድርጅት ክፍያ አይጠይቅም፣ ግን በ95 ይመነዝራል። የሚደርስህ 19,000 ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ 4 ዶላር ይቆርጥና የቀረውን 196 ዶላር በ99 ይመነዝራል። የሚደርስህ 19,404 ነው። «ነጻ» የተባለው 5 በመቶ ወሰደ፣ ክፍያ የጠየቀው ግን 3 በመቶ ገደማ።

ስለዚህ ክፍያውን ለብቻ፣ ተመኑን ለብቻ ማወዳደር ያሳስታል። እጅህ የሚገባውን ገንዘብ ላኪው ከኪሱ ላወጣው ጠቅላላ ዶላር አካፍለው። በምሳሌያችን አንደኛው 95፣ ሁለተኛው 97.02 ይሰጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል፤ ተመን ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት እዩ። የዓለም ባንክም የሐዋላ ወጪን ሲያነጻጽር ክፍያውንና የምንዛሪ ልዩነቱን ደምሮ ነው የሚያሰላው።

ከባንክ ወደ ባንክ ሲላክ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ። ሁለቱ ባንኮች በቀጥታ ካልተገናኙ ገንዘቡ በመሃል ባለ ሌላ ባንክ ያልፋል፤ እሱም የድርሻውን ከራሱ ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጥ ይችላል። ላኪው 200 ብሎ ልኮ አንተ ባንክ 185 ሊገባ ይችላል ማለት ነው፤ ምንዛሪው የሚጀምረውም ከ185ቱ ላይ ነው። ይህን የሚወስነው ላኪው ቅጹ ላይ የሚመርጠው ነገር ነው። OUR ካለ ወጪውን ሁሉ ላኪው ይችላል። SHA ካለ ላኪው የራሱን ባንክ ክፍያ ብቻ ይከፍላል፣ ሌላው ካንተ ላይ ይነሳል። BEN ካለ ሁሉም ካንተ ላይ ይቆረጣል።

ገንዘቡ ጎድሎ ከመጣ መጀመሪያ ባንክህን «ስንት ዶላር ገባ? በስንት ተመነዘረ?» ብለህ ጠይቅ። የገባው ዶላር ራሱ ካነሰ የተቆረጠው መንገድ ላይ ነው፤ ወንድምህ ቀድሞ MT103፣ አሁን pacs.008 የሚባለውን የዝውውር ማስረጃ ከባንኩ ይጠይቅ። ዶላሩ ሙሉ ከሆነ ግን ልዩነቱ ያለው የገዛ ባንክህ ተመን ላይ ወይም የመቀበያ ክፍያው ላይ ነው።