ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ስለሚላከው ደብዳቤ

«ሁሉንም ነገር ደብዳቤው ላይ እንጻፍላቸው። ከዚያ ሽማግሌው ሄዶ መልስ መቀበል ብቻ ነው የሚቀረው።»

ለዘመድም ለጎረቤትም ይህን ደብዳቤ ሳረቅቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን አባባል መስማት ግን ሰልችቶኛል። ደብዳቤው ልጅቷን አይጠይቅም። የሚጠይቀው በር እንዲከፈትና ቀን እንዲሰጥ ብቻ ነው። ልጅቷን የሚጠይቀው ሽማግሌው ነው፤ በአካል ቀርቦ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በአንደበቱ። ያ ቃል በወረቀት ቀድሞ ከደረሰ ወላጆቹ እንግዳውን ሳያዩ መልስ እንደተጠየቁ ይሰማቸዋል።

አንድ ቤተሰብ ራሱ ጽፎ ከላከ በኋላ ቅጂውን አምጥቶ አሳየኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። የልጁ ዲግሪ አለ፣ የሚሠራበት ቦታ አለ፣ ኮንዶሚኒየም እንደደረሰው አለ። መጨረሻው ላይ «ሠርጉን ለጥር አስበናል» ይላል። የልጅቷ አባት ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ «ቀኑን ከቆረጣችሁ እኛን ምን አስጠየቃችሁ?» በዚያ ቀን ስለ ልጅቷ አንድም ነገር ሳይነሳ ይቅርታ ሲጠየቅ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ነው ነገሩ መስመር የያዘው።

እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የልጁ አያቶች ስም የለም! ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ቤተሰብ ደብዳቤው ቀድሞ የሚላክበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የልጅቷ ወገኖች ሽማግሌው እስኪመጣ ባሉት ቀናት ዘመድ ይጠይቃሉ፤ ዝምድና አለ ወይ ብለው ይቆጥራሉ። ሕጉ በጎን በኩል የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው፤ ባህሉ ከዚያ እጅግ ርቆ ይቆጥራል። ስለዚህ የአባቱንና የእናቱን ስም ከነአባቶቻቸው፣ የትውልድ ቦታቸውንም ጨምሩ። ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ማንም ሳያፍር እዚያው ይቀራል። ከሽምግልናው በኋላ ሲገኝ ግን ሁለት ቤት ያዝናል።

እኔ የምጽፈው ከዚህ አይበልጥም፦

«ለተከበሩ አቶ እገሌ እና ለተከበሩ ወይዘሮ እገሊት። እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የአቶ እገሌና የወይዘሮ እገሊት ቤተሰብ ሽማግሌዎች ነን። የልጃችን የአባቱ አባት አቶ እገሌ፣ የእናቱ አባት አቶ እገሌ ይባላሉ፤ ትውልዳቸው ከዚህ ቦታ ነው። ስለ ልጃችን ስለ እገሌ ጉዳይ ቤትዎ መጥተን እንድናነጋግርዎ ፈቃድዎን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሚመችዎትን ቀን ቢያሳውቁን በተባለው ሰዓት እንገኛለን።»

«ስለ ልጃችን ጉዳይ» ማለት ይበቃል። ሽማግሌ እንልካለን ሲባል ጉዳዩ ምን እንደሆነ የማይገባው ወላጅ የለም። የእናትየውን ስም አትዝለሉ፤ እናት የሌለበት ደብዳቤ ቅሬታ ሲያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚፈርሙትም የሚሄዱት ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው። ልጁ አይፈርምም።

«በቴሌግራም ፎቶውን ብንልከውስ?»

ውጭ አገር ላለ ወላጅ ይሁን። በአንድ ከተማ ውስጥ ግን ሁለቱን ቤት የሚያውቅ ሰው በእጁ ያድርሰው።

«ተቀብለው ዝም ካሉ ፈቅደዋል ማለት ነው።»

አይደለም። ዝምታው ብዙ ጊዜ ዘመድ እየጠየቁ ነው ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቁና ደብዳቤውን ያደረሰው ሰው በስሱ ይጠይቅ። ሁለተኛ ደብዳቤ አትጻፉ፤ ግፊት ይመስላል። ቀን ከሰጡም የፈቀዱት መምጣታችሁን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሄዶም «ተማክረን እንመልሳለን» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ሊያዝለት ይችላል፤ ያ እምቢታ አይደለም።

«ወላጆቿ ቀን ከሰጡ የእሷ ነገር አለቀ።»

ይህን ስሰማ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ጋብቻ የሚፈጸመው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም በመርሕ ደረጃ 18 ዓመት ያልሞላውን አያጋባም። ለማርቀቅ ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁን ነው፦ «እሷ ታውቃለች? ደብዳቤው የሚደርስበትን ሳምንትስ ተስማምታበታለች?» አንድ ልጅ «ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው» ብሎኝ ወረቀቱን መለስኩለት። ከወር በኋላ ተመለሰ። እናቷ ታመው ስለነበር እስኪያገግሙ እንዲጠብቅ ነግራው ኖሯል። ደብዳቤውን የጻፍነው ከፋሲካ በኋላ ነው።